168 ሺህ ብር ከፍላ ዕዳዋ በ19 ሺህ ብቻ ቀነሰ

ያክስቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝና ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ "ዘረፉኝ እኮ!" አለችኝ። ማን እንደዘረፋት ስጠይቃት ባንኩ ነው አለች። የዛሬ ዓመት ለቤት 1 ሚሊዮን ብር ተበድራለች። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ ጊዜው 15 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያዋ 13,996 ብር ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድም ወር ሳታሳልፍ ከፈለች። ድምሩ ወደ 168 ሺህ ብር ይመጣል። ከዚያ ቀሪ ዕዳዋን ስትጠይቅ 980,763 ብር ነው ተባለች።

"168 ሺህ ከፍዬ 19 ሺህ ብቻ? የቀረው የት ሄደ?"

ዕቁብ ደርሷት 100 ሺህ ብር በእጇ ነበር፤ እሱን ዕዳው ላይ ልጣል ወይስ ልተወው ብላ ግራ ገብቷታል። እኔ ባንክ ብድር ክፍል ውስጥ የተወሰኑ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ከስንት ሰው እንደሰማሁት አልቆጥረውም። የሚገርመው፣ አብዛኛው ሰው ብድሩን ሲፈርም የመክፈያ ሰንጠረዡ ተሰጥቶታል። ባንክ ቤት ውስጥ "አሞርታይዜሽን ስኬጁል" የሚሉት ያ ረጅም ወረቀት ነው። ሁሉም አጣጥፎ ከውሉ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። መልሱ ግን እዚያ ላይ ተጽፏል፤ 180 መስመር ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ መስመር።

ሰንጠረዡ የቆመው በአንድ ሕግ ነው። በየወሩ የሚታሰበው ወለድ ያን ዕለት በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። ከምትከፍሉት ላይ መጀመሪያ ወለዱ ይነሣል፣ የተረፈው ብቻ ዋናውን ብድር ይቀንሳል። በቃ። ሌላው ሁሉ የዚህ ውጤት ነው።

እስቲ በእሷ ብድር እንየው። 15 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1.25 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ወር ዕዳ 1 ሚሊዮን ብር ስለሆነ ወለዱ 12,500 ብር ይሆናል። የከፈለችው 13,995 ብር ከ87 ሳንቲም ነው። ወለዱ ሲነሣለት የሚተርፈው 1,495 ብር ከ87 ሳንቲም ነው፤ ከዋናው ብድር የተቀነሰው ይቺ ብቻ ናት። ዕዳው 998,504 ሆነ። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚታሰበው በዚህ ላይ ነው፤ 12,481 ብር ከ30 ሳንቲም። ስለዚህ ለዋናው የሚደርሰው ትንሽ ጨምሮ 1,514 ብር ከ57 ሳንቲም ሆነ። በሦስተኛው ወር ደግሞ 1,533 ብር ከ50። ልብ በሉ፣ ክፍያው አልተለወጠም። የተለወጠው ውስጡ ያለው ክፍፍል ነው። ወለዱ በየወሩ በጥቂት ብር ይሸሻል፣ የሸሸውን ቦታ ዋናው ይይዘዋል።

"ታዲያ 13,995 ብር ከ87 ከየት መጣ?" ትሉኝ ይሆናል። ይህ ቁጥር ዕዳው ልክ በ180ኛው ወር ዜሮ እንዲሆን ተደርጎ የተሰላ ነው። ትንሽ ቢያንስ መጨረሻ ላይ ዕዳ ይተርፋል፣ ትንሽ ቢበዛ ቀድሞ ያልቃል። ኤክሴል ያለው ሰው ይህን ጽፎ ራሱ ማውጣት ይችላል፦

```
=PMT(0.15/12,180,-1000000)
```

የራሳችሁን ወለድ፣ የወራት ብዛትና የብድር መጠን ተኩበት። የሚወጣው ቁጥር ባንኩ ከሚያስከፍላችሁ ጋር በብዙ የማይገጥም ከሆነ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው። ምናልባት የመድን ክፍያ ተጨምሮበታል፣ ምናልባት ወለዱ የሚሰላው በሌላ መንገድ ነው፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 168 ሺው እንመለስ። ከዓመቱ ክፍያ ውስጥ 148,713 ብሩ ወለድ ነው። 19,237 ብሩ ዋናውን ቀነሰ። ማንም አልዘረፋትም፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ የሰው ገንዘብ ይዛ ስለቆየች ኪራዩን ነው የከፈለችው። በርግጥ ይህን ስነግራት አልተጽናናችም።

የባሰውን ደግሞ ልንገራችሁ። በዚህ ብድር ላይ ለዋናው የሚሄደው ገንዘብ ለወለድ ከሚሄደው የሚበልጠው በ126ኛው ወር ነው። አሥር ዓመት ተኩል ማለት ነው! ዕዳው ግማሽ የሚሆነው ደግሞ 11 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን 500 ሺህ ለመክፈል 11 ዓመት ከወሰደ፣ ሁለተኛው 500 ሺህ የሚያልቀው በቀሪዎቹ አራት ዓመታት ነው። የመጨረሻው ክፍያ ላይ ወለዱ 173 ብር ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው ቤቱን በአምስተኛው ዓመት ሸጦ ብድሩን ሊዘጋ የሚሄድ ሰው ባንክ ቤት ውስጥ የሚደነግጠው። ወደ 840 ሺህ ብር ከፍሎ ገና 867 ሺህ ገደማ ይቀርበታል። ሸጦ ስንት እንደሚተርፈው ያሰበው "አምስት ዓመት ከአሥራ አምስት፣ ሲሶውን ጨርሻለሁ" ብሎ ስለሆነ ሒሳቡ ይፋለስበታል።

እንግዲህ ተጨማሪ ክፍያ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

ከላይ ያየነውን ሁለተኛውን መስመር አስታውሱ። ወለድ 12,481 ብር ከ30፣ ዋና 1,514 ብር ከ57። ያክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ወር ከመደበኛው ክፍያዋ ጋር ይህችን 1,514 ብር ከ57 ጨምራ ብትከፍል ኖሮ ዕዳዋ ወዲያው 996,989 ብር ከ56 ይሆን ነበር። ይህ ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ የሁለተኛው ወር መጨረሻ ዕዳ ነው። ማለትም ሁለተኛውን መስመር ዘላዋለች። በሚቀጥለው ወር የምትከፍለው የሦስተኛውን መስመር ነው። እዚያ የተዘለለው መስመር ላይ የነበረው 12,481 ብር ወለድስ? አትከፍለውም። መቼም አትከፍለውም። ሰንጠረዡ በ180 ፈንታ በ179 ወር ያልቃል።

ሰው ይህን ሲሰማ "1,500 ብር ሰጥቼ 12 ሺህ አተረፍኩ ማለት ነው?" ይላል፤ ኢንተርኔት ላይም ተአምር አድርገው የሚያወሩት ብዙ ናቸው። ተአምር የለውም። ትርፉ የሚመጣው ዛሬ አይደለም፤ ከ15 ዓመት በኋላ፣ የመጨረሻዋን 13,996 ብር ባለመክፈል ነው። ያችን 1,514 ብር ዛሬ በወር 1.25 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ቦታ አስቀምጣችሁ ወለዱ በወለድ ላይ እየተደመረ 179 ወር ቢቆይ 13,996 ብር ነው የሚሆነው። ሒሳቡ ልክ ይገጥማል። ተጨማሪ ክፍያ እንግዲህ ገንዘባችሁን በብድራችሁ የወለድ መጠን ማስቀመጥ ነው። ብድራችሁ 15 በመቶ ከሆነ በ15 በመቶ፣ 18 ከሆነ በ18። ይህን ከያዛችሁ "ልክፈል ወይስ ሌላ ነገር ላድርግበት" የሚለው ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል።

ወደ ዕቁቡ ብር እንምጣ። 100 ሺህ ብር፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ ቀሪ ዕዳ 980,763። ገንዘቡ በሙሉ ዋናው ላይ ቢያርፍ ዕዳው 880,763 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ሁለት ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፣ ባንኮችም እንደየአሠራራቸው ይለያያሉ።

አንደኛው መንገድ ወርሃዊ ክፍያው እንዳለ ሆኖ ጊዜው ማጠሩ ነው። በየወሩ ያችኑ 13,996 ብር ትከፍላለች። ቀርተው የነበሩት 168 ክፍያዎች 125 ይሆናሉ፣ የመጨረሻዋም ክፍያ ትንሽ ናት፤ 4,890 ብር ገደማ። 43 ወር ተቆረጠ፣ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር። የከፈለችው 100 ሺህ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፋት ወለድ ወደ 511 ሺህ ብር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጊዜው እንዳለ ሆኖ ወርሃዊ ክፍያው ማነሱ ነው። አሁንም 168 ወር ትከፍላለች፣ ግን በወር 12,569 ብር ገደማ። በየወሩ 1,427 ብር ይቀልላታል። ደስ ይላል። የሚተርፋት ወለድ ግን 140 ሺህ ብር ገደማ ብቻ ነው።

ያው 100 ሺህ ብር፣ ያው ቀን፣ ያው ባንክ። አንዱ 511 ሺህ፣ ሌላው 140 ሺህ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በሁለተኛው መንገድ በየወሩ የቀለላት 1,427 ብር ኪሷ ውስጥ ነው የቀረው። ያንን በየወሩ እየመለሰች ዋናው ላይ ብትጥለው የመጀመሪያው መንገድ ላይ ትደርሳለች፣ በትክክል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ማጭበርበር አይደለም፤ ኑሮ ለከበደው ወይም ገቢው ወጣ ገባ ለሚል ሰው እንዲያውም ይሻላል። ክፉ ወር ሲመጣ የሚጠየቀው ትንሽ ነው። የሚያናድደው ሰውዬው አንደኛውን መንገድ መርጦ ሲሄድ ማንም ሳይጠይቀው ሁለተኛውን ሠርተው ሲሰጡት ነው።

መቼ እንደምትከፍሉም ለውጥ ያመጣል። ያንኑ 100 ሺህ ብር በመጀመሪያው ዓመት ፈንታ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ ብትከፍለው የሚቆረጠው 13 ወር ብቻ ነው፤ የሚተርፋት ወለድም 94 ሺህ ገደማ። ምክንያቱን በመስመሮቹ ማየት ይቻላል። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የእያንዳንዱ መስመር ዋና ገና 1,700 ብር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 100 ሺው 43 መስመር ይውጣል። በአሥረኛው ዓመት ማብቂያ ግን የአንዱ መስመር ዋና ከ6,600 ብር በላይ ደርሷል፣ ያው ገንዘብ 13 መስመር ውጦ ይጠግባል። የተቆረጠው መስመር ላይ የሚኖረው ወለድም ያኔ ትንሽ ነው። (ይህ ማለት በአሥረኛው ዓመት መክፈል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ያኔም ቢሆን ገንዘቡ የሚሠራው በ15 በመቶ ነው፣ የሚሠራበት ዕድሜ ነው ያጠረው።)

ትልቅ ገንዘብ የማይደርሰው ሰውስ? ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ 1,500 ብር ብትጨምር 180ው ወር 133 ይሆናል። አራት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር የጎደለው ጊዜ ተቆረጠ ማለት ነው። የሚተርፋት ወለድ 469 ሺህ ብር ገደማ ነው። ኤክሴል ላይ "ይህን ያህል ብከፍል ስንት ወር ይቀረኛል" የሚለውን የሚመልሰው ይህ ነው፦

```
=NPER(0.15/12,-13995.87,880762.57)
```

መልሱ 124.35 ይላል፤ 124 ሙሉ ክፍያና አንዲት ቁራጭ።

እስካሁን ያለው ወረቀት ላይ ነው። ባንክ ቤት ስትደርሱ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል።

በጣም የተለመደው ችግር ይህ ነው። ሰውዬው ተጨማሪውን ገንዘብ ብድሩ ወደሚቆረጥበት የቁጠባ ሒሳብ ያስገባል፣ ደረሰኙን ይይዛል፣ ዕዳዬን ቀነስኩ ብሎ ቤቱ ይገባል። ባንኩ ግን የሚያውቀው ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንዳለ ብቻ ነው። በየወሩ መደበኛውን 13,996 ብር እየቆረጠ ይቀጥላል፣ 100 ሺው እዚያው ተኝቶ ለሰባት ወር ክፍያ ያልቃል። ወለዱ በአንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። አንዳንዴ ደግሞ ብድሩ ሒሳብ ላይ ይገባና "ቅድሚያ የተከፈለ" ተብሎ ይመዘገባል፤ ማለትም የሚቀጥሉት ወሮች ክፍያ አስቀድሞ እንደተከፈለ ይቆጠራል፣ ዋናው አልተነካም። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው። ማመልከቻ መጻፍ። ገንዘቡ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ፣ ወርሃዊ ክፍያው ሳይለወጥ ጊዜው እንዲያጥር፣ አዲስ ሰንጠረዥም እንዲሰጣችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቱ። ከዚያ በፊት ግን ውላችሁ ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ቅጣት ወይም ክፍያ አለው ወይ የሚለውን አንብቡ፣ ያላችሁ ውዝፍም ካለ መጀመሪያ እሱን አጽዱ። ውዝፍ ካለ ገንዘባችሁ ዋናው ጋ ከመድረሱ በፊት ቅጣቱና የተጠራቀመው ወለድ ይቀመጡበታል።

በትክክል መመዝገቡን ለማወቅ ደግሞ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቀጣዩን ወር ወለድ ብቻ እዩ። የእሷ ወለድ ያለ ዕቁቡ ብር 12,260 ገደማ ይሆን ነበር። 100 ሺው ዋናው ላይ ካረፈ የ100 ሺህ 1.25 በመቶ፣ ማለትም 1,250 ብር ቀንሶ 11,010 ገደማ መሆን አለበት። ካልቀነሰ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ተጨማሪ ከከፈላችሁ በኋላ ወለዱ ካልቀነሰ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን አልተመዘገበም።

አንድ ነገር ግን እንዳያደናግራችሁ። ብዙ ባንኮች ወለድን የሚያሰሉት በቀን ነው። ስለዚህ 31 ቀን ያለው ወር ወለድ 30 ቀን ካለው ይበልጣል፤ በ1 ሚሊዮን ብር ላይ ዓመቱን በ365 ቀን ካካፈልነው አንዱ 12,740 ሌላው 12,329 ብር ገደማ ይመጣል። የካቲት ላይ ደግሞ፣ የፈረንጁን ማለቴ ነው፣ ወለዱ ዝቅ ይላል። እኔ እዚህ የተጠቀምኩት በ12 የሚካፈለውን ቀላሉን መንገድ ነው፤ የእናንተ ወረቀት በጥቂት መቶ ብር ወዲያ ወዲህ ቢል አትደንግጡ። በሺህ ቤት ከተለያየ ጠይቁ።

ሰንጠረዡን የሚያፈርሰው ሌላው ነገር የወለድ መጠን ለውጥ ነው። ብዙ የብድር ውል "ባንኩ የወለድ መጠኑን ሊያሻሽል ይችላል" የምትል አንቀጽ አላት፤ ማሻሻል ማለት መጨመር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዓመት በኋላ 15ቱ 17 ቢሆን እንበል። የ980,763 ብር ወርሃዊ ወለድ 13,894 ይሆናል። የምትከፍለው 13,996 ነው። ለዋናው የሚተርፈው 102 ብር! በወር አንድ መቶ ሁለት ብር። በዚህ አካሄድ 15 ዓመት የሚባለው ነገር ቀልድ ነው። ባንኩ በጊዜው እንድትጨርስ ከፈለገ ክፍያውን ወደ 15,300 ብር ገደማ ከፍ ማድረግ አለበት። ወለዱ ጨምሮ ክፍያው ካልጨመረ ደስ አይበላችሁ። "ምንም አልጨመሩብኝም" ብሎ ዓመት ሁለት ዓመት ተረጋግቶ ተቀምጦ ዕዳው ንቅንቅ እንዳላለ ያየ ሰው አውቃለሁ። ወለዱ ከ17 ትንሽ አልፎ 17.2 ቢደርስ እንኳ ወለዱ ከክፍያው ይበልጣል፤ ያኔ እየከፈላችሁ ዕዳችሁ ያድጋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ ለሚታሰብበት ብድር ነው። አንዳንድ አነስተኛ ብድሮች ግን ወለዱን የሚያስቡት መጀመሪያ በተበደራችሁት ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው፣ እስከ መጨረሻው። 100 ሺህ ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ እንዲህ ከተሰላ ወለዱ 15 ሺህ ነው፣ በወር 9,583 ብር። በቀሪ ዕዳ ላይ ቢታሰብ ኖሮ ወለዱ በድምሩ 8,310 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ሁለቱም "15 በመቶ" ነው የሚባሉት! የመጀመሪያው በሁለተኛው ስሌት ቢለካ ከ26 በመቶ በላይ ነው። መለያው ቀላል ነው። ሰንጠረዡ ላይ የወለዱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነ ዕዳችሁ ቢቀንስም ወለዱ አይቀንስም፣ ቀድሞ መክፈልም በራሱ ምንም ላያተርፍላችሁ ይችላል፤ ውሉ ቀድሞ ለሚዘጋ ሰው ምን እንደሚል ካላያችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። ከወለድ ነፃ በሆነው የሙራባሃ ውልም ጉዳዩ ለየት ይላል፤ እዚያ ባንኩ ዕቃውን ወይም ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በቁርጥ ዋጋ ነው የሚሸጥላችሁ። ዋጋው አንዴ ስለተቆረጠ ቀድሞ መክፈል በራሱ አይቀንሰውም፣ ባንኩ በፈቃዱ ቅናሽ ካላደረገ በቀር።

እና ሁልጊዜ ቀድሞ መክፈል ጥሩ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። ሁለት ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው የብሩ ዋጋ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ በ15 በመቶ የተበደረ ሰው፣ ደመወዙ ወይም ንግዱ ከዋጋው ጋር አብሮ ካደገለት፣ ዕዳው ሳይከፍለው ራሱ እየቀለለ ነበር። 13,996 ብር ከ15 ዓመት በኋላ የምታነሣው ክብደት የዛሬው አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ 100 ሺህ ብሩን ዋጋው አብሮ የሚያድግ ነገር ላይ ማዋል የሚችል ሰው ባይቸኩል አልፈርድበትም። ችግሩ አብዛኛው ሰው እንደዚያ አያደርገውም። ብሩ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ቁጠባ ደግሞ በ7 በመቶም ሆነ ትንሽ ከፍ ባለ ወለድ ከ15 በመቶ ዕዳ ጎን ሲቀመጥ ኪሳራ ነው። ወይም ጭራሽ ለሠርግና ለሶፋ ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ ዕዳ ላይ የጣላችሁት ገንዘብ አይመለስም። ነገ ሰው ቢታመምባችሁ ባንኩ "ያን ጊዜ ቀድመው ከፍለውልን ነበር" ብሎ አይመልስላችሁም። በዚያው ላይ የሚቀጥለው ወር 13,996 ብር በቀኑ ይጠየቃል። ስለዚህ የሦስት አራት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ በእጁ የሌለው ሰው ያለችውን ሁሉ ጠራርጎ ዕዳ ላይ ሲጥል ሳይ ያሳስበኛል። ከዚህ ብድር የበለጠ ወለድ ያለው ሌላ ዕዳ ያለበትም ሰው መጀመሪያ እሱን ነው መምታት ያለበት።

ያክስቴ ልጅ የሁለት ወር ክፍያ ብቻ ነበር ተቀማጭ ያላት፤ ሆኖም ባሏም ይሠራል። ዕቁቧን በሙሉ ለመጣል ወሰነች። ማመልከቻዋን አብረን ጻፍነው። ከሳምንት በኋላ የሰጧት አዲስ ሰንጠረዥ 168 መስመር ያለው፣ በወር 12,569 ብር የሚል ነበር። ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። "ይኸው ቀነሱልኝ" ብላ ደስ ብሏታል። ማመልከቻው ላይ የጻፍነው ጊዜው እንዲያጥር መሆኑን ነገርኳት። ተመልሳ ሄደች። የብድሩ ኃላፊ የለም ተባለች። እንደገና ሄደች። በሦስተኛው የሰጧት ወረቀት 125 መስመር ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ወለድ 11,009 ብር ከ53፣ ዋና 2,986 ብር ከ34 ይላል። "ዋናው እኮ እጥፍ ሆነ!" አለችኝ በስልክ፣ ወረቀቱን እያነበበች። አሁን ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጥፋዋለች። ክፍያዋን ስትከፍል አንድ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዛለች።